የጉሮሮ መከርከር፦ አለርጂ ነው ወይስ ጉንፋን?

የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በሀገራችን መገኘቱ ከተገለጸበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ ጉሮሮው የከረከረውና ያስነጠሰው ሰው ሁሉ በጎረቤቱም በራሱም ዘንድ ይጠረጠር ነበር። ነገር ግን ጉሮሮን የሚከረክር ሁሉ ተላላፊ በሽታ አይደለም። በተለይ ክረምቱ አልፎ ሣሩ በሚያብብበት ወቅት አለርጂ ከጉንፋን ጋር በቀላሉ ይምታታል።

በለቡ አካባቢ የምትኖር አንዲት የ34 ዓመት መምህርት በምሳሌነት እንውሰድ። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ጠዋት ስትነሣ ጉሮሮዋ ይከረክራል፣ ላንቃዋን ይበላታል፣ በተከታታይ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ታስነጥሳለች፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ያሳክኳታል፣ ያነባሉም። ከአፍንጫዋ የሚወርደው ፈሳሽ እንደ ውኃ የጠራ ነው። ትኩሳት የላትም። ይህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ማሳከኩ ነው። ጉንፋን ጉሮሮን ያሳምማል፣ መዋጥንም ያስቸግራል፤ ዓይንን፣ ላንቃንና የጆሮን ውስጥ ግን እምብዛም አያሳክክም። በአለርጂ ጊዜ ሰውነት የአበባ ብናኝን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሂስታሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ማሳከኩና ማስነጠሱ የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጉሮሮ የሚከረክረው ደግሞ በአብዛኛው ሌሊት ከአፍንጫ በስተኋላ ወደ ታች የሚወርደው ፈሳሽ ስለሚያስቆጣው ነው። ጠዋት ብሶ ቀን ላይ የሚቀለውም ለዚህ ነው።

የንፍጥ መልክ ጠቃሚ ምልክት ቢሆንም ለብቻው ሊታመን አይገባም። ጉንፋንም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የጠራ ፈሳሽ ያመጣል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ይወፍራል፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ በአብዛኛው ከሰባት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። የመምህርቷ ንፍጥ በሁለተኛው ሳምንትም እንደ ጠራ መቆየቱ ወደ አለርጂ ያመለክታል። በነገራችን ላይ የንፍጥ ቢጫ መሆን ብቻውን አሞክሳሲሊን ለመዋጥ ምክንያት አይሆንም።

መምህርቷ ስትጠየቅ በ2011ም በ2012ም ዓ.ም. በዚሁ በጥቅምት ወር ተመሳሳይ ሕመም እንደነበረባት ታስታውሳለች። ሁለቱም ጊዜያት ኮቪድ-19 በሀገራችን ከመታየቱ በፊት ናቸው። በለቡ ገና ቤት ባልተሠራባቸው ቦታዎች ላይ ክረምቱን ያደገው ሣር ከመስከረም ጀምሮ ያብባል፤ ብናኙም በነፋስ ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚወቅሰው አደይ አበባን ነው። የአደይ ብናኝ ግን ከባድና ተጣባቂ ሆኖ በነፍሳት የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ከሣሩ ይልቅ የሚያስቸግረው አልፎ አልፎ ነው። በበጋ የሚነሣው የግንባታ አቧራም ጉሮሮን ያስቆጣል፤ ሆኖም አቧራው ሲቀር ሕመሙም ቶሎ ይቀራል።

መምህርቷ በፋርማሲ ባለሙያ ምክር በቀን አንድ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም ሎራታዲን ወሰደች። ይህ ሂስታሚንን የሚከላከል መድኃኒት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት ይጀምራል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ማሳከኩና ማስነጠሱ ተቀነሰላት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቀድሞ መድኃኒቶች የአፍንጫን ፈሳሽ በማንኛውም ምክንያት ቢመጣ በመጠኑ ስለሚያደርቁ፣ በጉንፋን የተያዘም ሰው «ተሻለኝ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መመልከት ያለብን ንፍጡ መድረቁን ሳይሆን ማሳከኩ መጥፋቱን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች እንቅልፍ ስለሚያመጡ አሽከርካሪዎች ሊወስዷቸው አይገባም። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናት፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ማንኛውንም መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

አለርጂ መኖሩ ግን ከኮቪድ-19 አያድንም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ በአንድ ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ። መምህርቷ በሦስተኛው ሳምንት የ38.2 ዲግሪ ትኩሳት፣ የጡንቻ ሕመምና ደረቅ ሳል ጀመራት፤ አፍንጫዋ ሳይደፈንም የቡና ሽታ ጠፋባት እንበል። ከእነዚህ ውስጥ ትኩሳቱንና የጡንቻ ሕመሙን አለርጂ አያመጣቸውም። ሳልና የትንፋሽ ማጠር አለርጂና አስም ባለበት ሰው ላይ ሊታዩ ቢችሉም፣ ከተለመደው ውጭ ከሆኑ እንደ አዲስ ሕመም ይቆጠራሉ። በዚህ ጊዜ ሎራታዲኑን እየዋጡ መጠበቅ አይገባም። ጭምብል ማድረግ፣ ከቤተሰብ በተለየ ክፍል መሆን፣ ወደ 8335 በነፃ ደውሎ የምርመራ መመሪያ መቀበል ያስፈልጋል። ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ደረቱን የሚጫነው ሰው ግን ስልክ ሲጠብቅ ሳይውል በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ተቋም ፈጥኖ ይሂድ።