ስምሽ በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን

ቅድስትዬ፣ ምን ፖስት ላድርግ እያልሽ ከመጨነቅሽ በፊት አንድ ነገር እናጣራ። ኢንኮግኒቶ ክፈቺና ስምሽን ጉግል ላይ ፈልጊ። በራስሽ አካውንት ከፈለግሽ ጉግል አንቺ የምታዘወትሪውን ሊያስቀድምልሽ ይችላል፤ እኔ ግን ቀጣሪ የሚያየውን እንድታዪ ነው የምፈልገው።

አየሽ? ዲግሪሽ ላይ Kidist Hailu ነሽ፣ ሊንክድኢን ላይ Kidest Haylu፣ ቴሌግራም ላይ ደግሞ ስም የለሽም፣ የአበባ ሥዕል ብቻ። ለእኛ ሁሉም አንቺው ነሽ። ሲቪሽን ይዞ ስምሽን የሚፈልግ የሰው ሀብት ባለሙያ ግን ወይ አያገኝሽም፣ ወይ ሌላ ቅድስት ኃይሉን አንቺ ናት ብሎ ያያል። ስማችን በላቲን ሲጻፍ እያንዳንዱ ጸሐፊ በመሰለው ስለሚጽፈው ይህ የብዙ ተመራቂ ችግር ነው።

መለኪያሽ ዲግሪሽ ይሁን፤ ስትቀጠሪ ኦሪጅናሉን አምጪ ተብለሽ ስምሽ የሚመሳከረው ከእሱ ጋር ነውና። ፋይዳሽ ወይም ፓስፖርትሽ ላይ በሌላ ፊደል ከተጻፈ ምን እንደሚደረግ አሁኑኑ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ፤ ሥራ ተገኝቶ ቀን ሲቆረጥብሽ አትጀምሪው። ስምሽና የአባትሽ ስም ብዙ ሰው ያለው ስለሆነ የአያትሽንም ጨምሪ፦ Kidist Hailu Desta። ሊንክድኢን የፕሮፋይልሽን ሊንክ ራሱ ሲሰጥሽ መጨረሻው ላይ የማይታወስ ቁጥርና ፊደል ይቀጥልበታል፤ እሱንም ወደ kidist-hailu-desta ቀይሪና ሲቪሽ ላይ ከስልክሽ ጎን አድርጊው። ኢሜይልሽም በዚሁ ስም ይሁን።

ቀጥሎ ዓመቱን እዪ። የተመረቅሽው ሐምሌ 2017 ነው፤ ሊንክድኢን ላይም 2017 ብለሽ ሞልተሻል። ሊንክድኢን የሚቆጥረው በፈረንጆች ስለሆነ፣ የሚያነብሽ ሰው ከተመረቀች ዓመታት አልፈዋል፣ እስካሁን የት ነበረች ብሎ ያስባል። ትክክሉ ጁላይ 2025 ነው። ስትቀይሪ ሁልጊዜ ስምንት አትደምሪ፤ ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እስኪገባ ልዩነቱ ሰባት ነው። የኢንተርንሽፕሽን ወራትም እንዲሁ ቀይሪ፤ ሲቪሽና ፕሮፋይልሽ ላይ ያለው ቀን አንድ ይሁን። የማይገጣጠም ቀን ያየ ቀጣሪ የቀረውንም ይጠራጠራል።

ከስምሽ በታች ያለው መስመር አሁንም ተማሪ ነኝ ይላል። እሱን አጥፊና የምትሠሪውን ጻፊበት፦ የአካውንቲንግ ተመራቂ፣ የባንክ ማስታረቅና የደመወዝ ዝግጅት፣ ኤክሴልና ፒችትሪ። ትጉህ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ የሚለውን ተዪው፤ ሁሉም ስለሚጽፈው ማንንም ከማንም አይለይም።

አሁን ወደ ፖስቱ። በየቀኑ መጻፍ አይጠበቅብሽም፤ በሁለት ሳምንት አንድ፣ ሳይቋረጥ፣ ይበቃሻል። በቁጥር ሠርተሽ የምታሳዪው ነገር ይሁን። ለምሳሌ የራስሽን ምናባዊ ድርጅት ፍጠሪ። መዝገቡ 84,500 ብር ይላል፣ የባንኩ ስቴትመንት ግን 92,300። በድርጅቱ ተጽፎ ገና ከባንክ ያልተመነዘረ የ12,000 ብር ቼክ አለ። ባንኩ ገና ያልመዘገበው የ4,000 ብር ገቢም አለ። ከባንኩ ቁጥር ላይ ቼኩን ቀንሰሽ ገቢውን ስትደምሪ 84,300 ይመጣል። ከመዝገቡ ላይ ደግሞ ባንኩ የቆረጠውንና ያልተመዘገበውን የ200 ብር አገልግሎት ክፍያ ስትቀንሺ ያው 84,300 ነው። የኤክሴል ሰንጠረዡን ፎቶ ከነማብራሪያው ለጥፊ። የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቅ ሰው የሚፈልግ አለቃ ከአሥር መፈክር ይልቅ ይህችን አንዲት ሰንጠረዥ ያነብባታል።

ኢንተርንሽፕ የወጣሽበትን ድርጅት ሰነድ ግን በምንም ምክንያት እንዳትለጥፊ፣ ስሙን ሸፍነሽም ቢሆን። የደንበኛ ቁጥር አደባባይ የምታወጣ አካውንታንት ካዝና አይሰጣትም። ፌስቡክሽን ደግሞ ዛሬ ማታ አብረን እናየዋለን፤ የቤተሰብ ፎቶውን ለጓደኞችሽ ብቻ እንዲታይ አድርጊው፣ መሰረዝ አያስፈልግም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ከሌላ ሰው ገጽ ቀድተሽ አትለጥፊ። ቃለ መጠይቅ ላይ ያችን ሰንጠረዥ ከፍተው «ይህ 200 ብር ለምን ከመዝገቡ ተቀነሰ እንጂ ከባንኩ አልተቀነሰም?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። መልሱን ወረቀት ሳታዪ መናገር የማትችዪውን ነገር በስምሽ አታውጪው።