«ወሰደ» በመልመጃ ላይ፦ የመምህርና የተማሪ ምልልስ

የምልልሱ መነሻ «ወሰደ» የሚለውን ግስ በጊዜና በመደብ ለማርባት የተዘጋጀ መልመጃ ሲሆን፣ ተማሪው ባዶ ቦታዎቹን ሞልቶ ለአረጋዊ መምህሩ አቅርቦታል። መደብ ማለት ድርጊቱን የሚፈጽመው ተናጋሪው (አንደኛ)፣ አድማጩ (ሁለተኛ) ወይም ሌላ (ሦስተኛ) መሆኑን የሚለይ ነው።

ተማሪ፦ የኔታ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት አልማዝ መጽሐፉን ......» የሚል ሲሆን የተሰጠው መልስ «ወሰደች» ነው፤ ልክ ነውን?

መምህር፦ ልክ ነው፤ ነገር ግን ልጄ፣ ምክንያቱም አብሮ መነገር አለበት። «ትናንት» ተፈጽሞ ያለፈ ድርጊትን ስለሚያመለክት ግሱ በኀላፊ ጊዜ ይረባል፤ በኀላፊ ጊዜ ደግሞ መደብን የሚያሳየው ከግሱ መጨረሻ የሚገባው ባዕድ መድረሻ ብቻ ነው። «ወሰድኩ፣ ወሰድክ፣ ወሰድሽ፣ ወሰደ፣ ወሰደች፣ ወሰድን፣ ወሰዳችሁ፣ ወሰዱ» ሲባል ከፊት የተጨመረ ነገር የለም።

ተማሪ፦ ሁለተኛው «ነገ አንቺ መጽሐፉን ......» ይላል፤ መልሱም «ትወስዳለሽ» ተብሏል።

መምህር፦ ይህ ስህተት ነው፤ መልሱ «ትወስጃለሽ» ነው። ገና ላልተፈጸመ ድርጊት የሚያገለግለው ትንቢት መደብን ከፊትም ከኋላም ያሳያል፤ ከፊት «ት» ይገባል፣ ከኋላ የሴት አድማጭ ምልክት የሆነው «ኢ» ይከተላል፣ በመጨረሻም ረዳት ግሱ «አለሽ» ይታከላል። «ኢ» በ«ትሰብሪያለሽ» ውስጥ በግልጽ ይሰማል፤ በ«ወሰደ» ግን ምላስን ወደ ላንቃ ስለሚስብ «ድ»ን ወደ «ጅ» ይለውጠውና ራሱ በዚያው ይዋጣል። በዚሁ ምክንያት ከ«ከፈተ» «ትከፍቻለሽ»፣ ከ«ለመነ» «ትለምኛለሽ»፣ ከ«ቆረጠ» «ትቆርጫለሽ» ይወጣል። «ትወስዳለሽ» ብሎ የጻፈ ሰው ረዳት ግሱን ለሴት አስማምቶ ዋናውን ግስ ግን ሳያስማማ ትቶታል።

ተማሪ፦ ሦስተኛው ያንኑ ዓረፍተ ነገር ወደ አሉታ፣ ማለትም ድርጊቱ እንደማይፈጸም ወደሚገልጽ መልክ እንዲለወጥ ይጠይቃል። «አትወስጃለሽም» ቢባል ምን ይጎድለዋል?

መምህር፦ የጎደለው ነገር የለም፤ ይልቁንም መውጣት የነበረበት ረዳት ግስ በውስጡ ቀርቷል። በትንቢት «አለ» የሚታከለው ራሱን በቻለ የአዎንታ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ አሉታ ሲሆን ይወድቅና «አትወስጂም» ይባላል፤ ግሱ በሌላ ግስ ላይ ተደግፎ ሲቀርብም እንዲሁ ይወድቃልና «መጽሐፉን ስትወስጂ ንገሪኝ» ይባላል እንጂ «ስትወስጃለሽ» አይባልም። ረዳት ግሱ ሲወድቅ በ«ጅ» ውስጥ ተውጦ የነበረው «ኢ» ተመልሶ «ጂ» ሆኖ እንደሚታይም ማስተዋል ይገባል።

ተማሪ፦ አራተኛው «...... ነገ መጽሐፉን አትወስድም» ብሎ ተስማሚውን ተውላጠ ስም ይጠይቃል፤ «አንተ» የሚለው ተሞልቷል።

መምህር፦ መልሱ ልክ ነው፤ ጥያቄው ግን ጉድለት አለበት፤ ምክንያቱም «እሷ አትወስድም» ማለትም እኩል ልክ ነው። ወንድ አድማጭም ሆነ ሦስተኛ መደብ ሴት በትንቢት የሚይዙት መነሻ ያው «ት» ሲሆን፣ በአዎንታ «ትወስዳለህ» እና «ትወስዳለች» የሚለያዩት በረዳት ግሱ ብቻ ነው፤ ረዳት ግሱ ሲወድቅ ልዩነታቸውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአሉታ የሚጽፍ ሰው ከዐውዱ ግልጽ ካልሆነ በቀር ባለቤቱን በስም ወይም በተውላጠ ስም መጥቀስ አለበት፤ መልመጃ አዘጋጅም እንዲህ ላለው ጥያቄ አንዱን መልስ ብቻ ልክ ብሎ ሌላውን መሰረዝ አይገባውም። «አንቺ» ግን «ጂ» ስለሚጠብቃት ከማንም ጋር አትምታታም።

ተማሪ፦ በመልመጃው ውስጥ ባለው ሠንጠረዥ የአሁን ጊዜና የወደፊት ጊዜ በሚሉት ዓምዶች ሁለቱም ላይ «ይወስዳል» ተጽፏል፤ አንዱ ሳይሳሳት አይቀርም።

መምህር፦ አልተሳሳተም። «ሁልጊዜ ይወስዳል» እና «ነገ ይወስዳል» ሲባል ጊዜውን የለየው ተውሳከ ግሱ እንጂ የግሱ መልክ አይደለም፤ አሁን በመፈጸም ላይ ያለውን ለይቶ ማሳየት ሲያስፈልግ «እየወሰደ ነው» ይባላል።

ተማሪ፦ የመጨረሻው «እርስዎ ትናንት መጽሐፉን ......» ይላል። «እርስዎ» አድማጭ ስለሆነ ከሁለተኛ መደብ «ወሰዳችሁ» ተመርጧል።

መምህር፦ ለ«እርስዎ» የሚስማማው «ወሰዱ» ነው። አክብሮት የሚገባው አድማጭ አንድ ሰው ቢሆንም ግሱ የሚረባለት በሦስተኛ መደብ ብዙ ቁጥር ነው፤ በኀላፊ «ወሰዱ»፣ በትንቢት «ይወስዳሉ»፣ በአሉታ «አይወስዱም» ይባላል። «ወሰዳችሁ» የሚሆነው ለ«እናንተ» ብቻ ነው።