በክረምት ከቦንጋ ወደ ጅማ፦ የጉዞ መስመር ምርጫና የተዳፋት መረጋጋት

ከቦንጋ ወደ ጅማ የሚጓዝ አሽከርካሪ ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው፣ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ወርዶ ወደ ጅማ የሚወጣው ዋና መንገድ ነው። ሁለተኛው በአዲዮ አቅጣጫ ወደ ኮንታ ተሻግሮ በአመያና በጭዳ በኩል የሚዞረው እጅግ ረጅም መንገድ ነው። በዋናው መንገድ ላይ የመሬት መንሸራተት ሲያሰጋ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው መዞር ነው። ሆኖም ካርታውን በጥሞና ለሚያጤን፣ መዞሩ የሚፈራውን ነገር አያስቀርም። ኮንታም እንደ ካፋ ከጎጀብ በስተደቡብ የሚገኝ በመሆኑ፣ በጭዳ የዞረ ተጓዥም ወንዙን ወደ ታች ርቆ መሻገሩ፣ ወደ ሸለቆው መውረዱና መውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የሸለቆው ቁልቁለትና ዳገት ለሁለቱም የጋራ ነው፤ ልዩነቱ የሚዞረው ሰው ተጨማሪ የተራራ መንገድ መሸፈኑ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ ዝናቡ በአጭር ጊዜ የሚያበቃ አይደለም። ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ ተዳፋቱን የሸፈነው ጥልቅ ቀይ ሸክላማ አፈርም ውሃውን ቀስ ብሎ ያስገባል፣ ቀስ ብሎም ያስወጣል። በዚህም ምክንያት አደጋውን በዕለቱ ዝናብ ብቻ መመዘን ያሳስታል። በሰኔ መግቢያ ጉዳት ያላደረሰ ዝናብ በነሐሴ መጨረሻ ተራራውን ሊያንሸራትት ይችላል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማሳየት ይቻላል። ለማብራሪያ ያህል፣ 27 ዲግሪ ያዘነበለ፣ 3 ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር ንጣፍ እንውሰድ፤ ክብደቱ በሜትር ኩብ 18 ኪሎ ኒውተን፣ የመጣበቅ አቅሙ 5 ኪሎ ፓስካል፣ የውስጥ ሰበቃ ማዕዘኑ 28 ዲግሪ ይሁን። መንሸራተትን የሚቋቋመውን ኃይል ወደ ታች ለሚገፋው ስናካፍል የደኅንነት ጥምርታውን እናገኛለን፤ ከ1 በታች ከወረደ ተዳፋቱ ይንሸራተታል። አፈሩ ደረቅ ሲሆን ጥምርታው 1.27 ነው። ከመሬት በታች ያለው ውሃ የንጣፉን ግማሽ ሲሞላ 0.99፣ እስከ ገጽ ሲደርስ ደግሞ 0.70 ይሆናል። የውሃው ግፊት በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ሰበቃ ስለሚቀንስ፣ አፈሩ ራሱ ሳይለወጥ ተዳፋቱ ብቻ ይከዳል። እነዚህ ቁጥሮች የየትኛውም ቦታ ልኬት አይደሉም፤ ነገር ግን ግማሽ ሙሌት ብቻ ምን ያህል እንደሚበቃ ያሳያሉ።

በመንገዱ ላይ ይህን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። ከመንገዱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ጨረቃ መሰል ስንጥቅ፣ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ዛፎችና ምሰሶዎች፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ላይ የሚታይ ስምጠት፣ ከዚህ ቀደም ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ምንጭ መደፍረስ፣ እነዚህ ሁሉ የንቅናቄ ምልክቶች ናቸው። በተለይ ዝናቡ እየጣለ የቦይ ውሃ በድንገት ከቀነሰ፣ ከላይ አንድ ነገር ዘግቶታል ማለት ነው።

የተጋላጭነት ጊዜም ከርዝመቱ በላይ ይመዝናል። አንድ ተሽከርካሪ 400 ሜትር የሚሆን ሥጋት ያለበትን ክፍል በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ 72 ሰከንድ ይቆያል። የወረደ አፈር መንገዱን ዘግቶት በዚያው ቦታ ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ ከቆመ ግን ተጋላጭነቱ 25 እጥፍ ያድጋል። በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በደረሰው ናዳ ብዙዎቹ የሞቱት ቀደም ብሎ በናዳው የተያዙትን ለማውጣት በተሰበሰቡበት በሁለተኛው መንሸራተት ነው። ስለዚህ አፈር ከወረደ በኋላ ወደ ጫፉ ተጠግቶ ማየትም ሆነ ሌሎች እስኪጠርጉ ከሥሩ መጠበቅ ከማለፉ የከፋ ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከተዳፋቱ ውጭ በሆነ ሰፊ ቦታ መቆም ይገባል።

ከዚህ አንጻር እኔ የምመርጠው አጭሩን የጎጀብ መንገድ ነው፤ ግን በሁለት ቅድመ ሁኔታዎች። አንደኛው ሰዓት ነው። ዝናቡ በአብዛኛው ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ፣ የማለዳው ጭጋግ ከተገፈፈ በኋላ ተነስቶ ከቀትር በፊት ሸለቆውን ማለፍ ይሻላል። ሁለተኛው ሌሊቱን ዘንቦ ካደረ ሰማዩ ቢጠራም አለመቸኮል ነው፤ ሸክላው ውሃውን በጥቂት ሰዓት አይለቅምና። ዋናው መንገድ በእርግጥ ከተዘጋ ደግሞ በጭዳ መዞር የሚያስኬደው በዚያ በኩል ያለው መንገድና ድልድይ በዚያው ዕለት ከተጓዘ ሰው አንደበት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በጎርፍ የተሸፈነ መሻገሪያ ካጋጠመም መለኪያው ጥልቀቱ ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ትንንሽ መኪኖችን ለማንሳፈፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ፈጣን ውሃ ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ጠርጎ ለመውሰድ ይበቃል። ጥልቀቱ በማይታይበት ድፍርስ ውሃ፣ ቦንጋ ተመልሶ ማደር ከሁለቱም መንገዶች የተሻለ ሦስተኛ አማራጭ ነው።