ውጤቱ ገና ሳይታወቅ ለአለቃ የሚጻፍ አጭር መልእክት

ለማኅፀን በር ምርመራ ወደ ክሊኒክ የሚመጡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ናሙና ሊወሰድልኝ ነው፤ ውጤቱም ቶሎ አይደርስም ተብያለሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ምን ብዬ ልቅር?» ይሉናል።

በዚህ ጊዜ አንዳንዷ ከሚገባው በላይ ትናገራለች። «ካንሰር ሳይሆን አይቀርም» ብላ ትጽፍና ገና ያልተረጋገጠ በሽታ በየቢሮው ይወራል። ሌላዋ ደግሞ «ዘመድ ሞቶብኝ ነው» ትላለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጤት ስትቀጠር ግን ሌላ ለቅሶ መፈለግ ሊኖርባት ነው። የሐኪም ወረቀቱም ከተናገረችው ጋር አይገጥምላትም። በዚህ ትምህርት ከሁለቱም የሚያድን አጭር መልእክት እንዴት እንደሚጻፍ እናያለን።

«ውጤት እየተጠበቀ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዲት የ38 ዓመት ባለትዳር ሴት እንውሰድ። በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን ደመወዝ ታሰላለች። ከግንኙነት በኋላ ደም ስላየች ወደ ክሊኒክ መጣች። የማኅፀኗ በር ሲታይ የሚያጠራጥር ቁስለት ስለተገኘ ናሙና እንዲወሰድላት ወደ ሆስፒታል ተላከች። ቀጠሮዋ ማክሰኞ ጥቅምት 11 ቀን ነው። ሐኪሟ በማግሥቱ እንድታርፍ ነግሯታል። ለውጤትም ጥቅምት 25 ቀን ጠዋት ተቀጥራለች።

በዕለቱ ሐኪሙ ከማኅፀኗ በር ላይ የሩዝ ፍሬ የምታክል ሥጋ ይወስዳል። ናሙናዋ ፎርማሊን ውስጥ ገብታ ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። እዚያ በሰም ተይዛ በጣም በስሱ ትቆረጣለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ከዚያም ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያያታል። ስለዚህ ውጤቱ እንደ ሽንት ምርመራ በዕለቱ አይደርስም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ሲደርስም የማኅፀን በር መቆጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ግን ገና ካንሰር ያልሆነ ለውጥ ሊሆን ይችላል፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ ሐኪሙም አያውቅም። ሐኪሙ የማያውቀውን ደግሞ መልእክቱ ሊናገር አይገባም።

መልእክቱ

ይህች ሴት በቀጠሮዋ ዋዜማ ሳይሆን ቀጠሮው እንደተነገራት ለኃላፊዋ እንዲህ ብላ ብትጽፍ ይበቃል።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ (ስማቸው)። ሐኪም ያዘዘልኝ ምርመራ ስላለ ማክሰኞ ጥቅምት 11 እና ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን ሥራ አልገባም። ሐሙስ እመለሳለሁ፤ የሐኪም ወረቀቱንም ያን ዕለት አመጣለሁ። የምርመራው ውጤት የሚነገረኝ ጥቅምት 25 ቀን ጠዋት ስለሆነ እስከ ምሳ ሰዓት እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። የወሩን የደመወዝ ሊስት ሐሙስ ጥቅምት 20 ቀን ጨርሼ አስረክባለሁ።»

አሁን መልእክቱን እንመርምረው። አለቃ ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደማትገኝ፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ሥራው እንዴት እንደሚሆን ነው። ሦስቱም ተጽፈዋል። የትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚመረመር፣ ምን እንደተጠረጠረ ግን አልተጻፈም። መልእክቱ ለጸሐፊና ለሰው ኃይል ክፍል ሊተላለፍ እንደሚችል አስቡ። በእነርሱ እጅ ቢገባ የማያሳፍራችሁን ብቻ ጻፉ።

ስለ ውጤቱ የተነገረውም ቀኑ ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላ አልቀርም» የሚል ቃል አልተሰጠም፤ ውጤቱ ሕክምና የሚያስፈልገው ሆኖ ቢገኝ ቃሏ ይፈርስ ነበር።

አለቃው «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ቢጠይቁስ? «ውጤቱ ሲደርስ ሥራዬን የሚነካ ነገር ካለ እነግርዎታለሁ» ማለት በቂ ነው። ውሸት የለበትም፤ ምሥጢርም አላወጣም።

ፈቃዱና የሐኪም ወረቀቱ

በመልእክቱ ውስጥ ማክሰኞና ረቡዕን «አልገባም» ስትል፣ ጥቅምት 25ን ግን «እንዲፈቅዱልኝ» ማለቷን ልብ በሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው አንድ ወር በሙሉ ደመወዝ ነው። ሠራተኛው ግን በሕመም ምክንያት መሥራት የማይችል መሆን አለበት፣ የሐኪም ማስረጃም ማቅረብ ይኖርበታል። አሠሪው ካላወቀ ደግሞ፣ ማሳወቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ በቀረ በማግሥቱ ማሳወቅ አለበት። ናሙና የተወሰደባቸውን ቀናት ሐኪሙ ዕረፍት ብሎ ይጽፍላታል። ውጤት ለመስማት ብቻ መሄድ ግን ሕመም አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ከዓመት ፈቃዷ ሊቀንስባት ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቁ ይሻላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ የራሳቸውን የሰው ኃይል ክፍል ይጠይቁ።

ወረቀቱን ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት አንብቡት። የዕረፍቱ ቀን ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን አረጋግጡ። የበሽታ ስም የሚጻፍበት ቦታ ካለው፣ ውጤቱ ስላልደረሰ «በምርመራ ላይ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐኪሙን ጠይቁ። ጥርጣሬ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ ከሠራተኛ ማኅደር ማውጣት ከባድ ነው።

ወደ ሥራ ስትመለሱ

ናሙና ከተወሰደ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ወይም ጠቆር ያለ ፈሳሽ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ የንጽሕና መጠበቂያ ፓድ መያዝ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ለተወሰኑ ቀናት ከግንኙነትና ከባድ ዕቃ ከማንሣት እንድትታቀቡ ይነግራችኋል። ሥራችሁ ማንሣት ያለበት ከሆነ ለአለቃ የሚነገረው «ሐኪም እስከ ማክሰኞ ከባድ ነገር እንዳላነሣ አዝዞኛል» የሚል ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም። ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፓድ የሚያርስ ከሆነ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ ግን ሥራውን ትታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። ለአለቃ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው።

ውጤቱ ቢዘገይስ?

ጥቅምት 25 ቀን ሄዳ «አልደረሰም» ልትባል ትችላለች። ናሙናዋ ስላልበቃች ምርመራው ይደገም ሊባልም ይችላል። ይህ ማለት በሽታው ከፍቷል ማለት አይደለም። በዚያው ዕለት «ውጤቱ ስላልደረሰ ለጥቅምት 28 ጠዋት እንደገና ተቀጥሬያለሁ፤ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ» ብላ ትላክ። ዝም ብሎ መቅረት የመጀመሪያውን መልእክት እምነት ያሳጣዋል።

ለባሎች

አብሯት ለመሄድ የሚያስብ ባል ለራሱ አለቃ «ባለቤቴን ሐኪም ቤት ስለማደርስ እስከ ምሳ ሰዓት ይፈቀድልኝ» ይበል። የእርሷን ምርመራ ለሥራ ጓደኞቹ መዘርዘር የእርሱ ድርሻ አይደለም። ከመሥሪያ ቤቷ ቢደወልለትም መልሱ እርሷ ከጻፈችው እንዳያልፍ መልእክቱ ከመላኩ በፊት አብረው ያንብቡት።

ለመወያያ፦ ከዚህ በላይ ካለው መልእክት ውስጥ የእናንተ አለቃ ማወቅ የማያስፈልገው ነገር አለን? ውጤቱ በደረሰ ዕለትስ ከሁለታችሁ ሌላ ማን ይወቀው?