ባለሜዳ ያለ ሜዳው፦ የጨዋታ ውጤት ተንባይ ሞዴልን ከውርርድ በፊት በብራየር ነጥብና በሎግ ሎስ መፈተን

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ለረጅም ዓመታት በየከተማቸው እያስተናገዱ የሚወዳደሩበት ሊግ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተቋረጠው የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኋላ ግን፣ በ2013 ዓ.ም. ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ እንዲካሄዱ ተደረገ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የዚያን ዓመት ዋንጫ ያነሣው ጎንደር በአስተናጋጅነት ባልተካተተችበት ውድድር ነው። በመረጃ ሰንጠረዥ ላይ «ባለሜዳ» የሚለው ዓምድ እንዳለ ቢቀጥልም፣ ለአብዛኞቹ ጨዋታዎች ሜዳው የባለሜዳው አልነበረም። በቀደሙት ዓመታት መረጃ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ስለማያውቅ ለባለሜዳው የለመደውን ብልጫ መስጠቱን ይቀጥላል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ስሕተት በምን እንደሚታወቅ ያስረዳል።

በቅድሚያ የሚፈተነው ካሊብሬሽን ነው። ይኸውም ሞዴሉ «60 በመቶ» ባላቸው ጨዋታዎች ውስጥ ውጤቱ በእርግጥ ከመቶው 60 ጊዜ ያህል መከሠቱ ነው። ለስሌት እንዲመች በተወሰደ ምሳሌ፣ ሞዴሉ ለ100 ጨዋታዎች ሁሉ ለባለሜዳ 0.60፣ ለአቻ 0.25፣ ለእንግዳ 0.15 ሰጠ እንበል፤ ውጤቱ ግን ባለሜዳ 45፣ አቻ 30፣ እንግዳ 25 ሆነ። በትክክለኛነት መለኪያ ብቻ ለሚያይ ሰው ሞዴሉ 45 በመቶ ስለገመተ፣ በዘፈቀደ ከሚገኘው 33 በመቶ የተሻለ ይመስለዋል።

የብራየር ነጥብ ግሌን ብራየር በ1950 እ.ኤ.አ. ለአየር ጠባይ ትንበያ ያቀረበው መለኪያ ነው። ለሦስቱም ውጤቶች በተሰጠው ዕድልና በሆነው ነገር (1 ወይም 0) መካከል ያለው ልዩነት በካሬ ተባዝቶ ይደመራል። ሎግ ሎስ ደግሞ ለተከሠተው ውጤት ብቻ የተሰጠውን ዕድል p ወስዶ −ln(p) ያሰላል። በሁለቱም ዝቅተኛ ቁጥር የተሻለ ነው። በምሳሌያችን ባለሜዳ ሲያሸንፍ ብራየሩ 0.245፣ አቻ ሲሆን 0.945፣ እንግዳ ሲያሸንፍ 1.145 ይሆናል፤ የመቶው ጨዋታ አማካይ 0.680 ነው። የሎግ ሎሱ አማካይ 1.120 ነው። ለሦስቱም ውጤት እኩል አንድ ሦስተኛ የሚሰጥ፣ ስለ እግር ኳስ ምንም የማያውቅ ተንባይ ግን 0.667 እና 1.099 ያገኛል። ሞዴላችን ከዚህም ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ዕድሎቹ ወደ 0.45፣ 0.30 እና 0.25 ቢታረሙ ብራየሩ ወደ 0.645፣ ሎግ ሎሱ ወደ 1.067 ይወርዳል፤ ትክክለኛነቱ ግን ያው 45 በመቶ ነው። የወረደው 0.035 ሙሉ በሙሉ የካሊብሬሽን ጉድለት ነበር። ጉድለቱ በገንዘብ ሲተመን ይበልጥ ይጎላል። አወራራጁ ለባለሜዳ 2.00 ኦድ ቢሰጥ፣ ያልታረመው ሞዴል በ100 ብር ውርርድ 20 ብር ትርፍ (0.60 × 2.00 = 1.20) ይጠብቃል፤ የእውነቱ ስሌት ግን 10 ብር ኪሳራ (0.45 × 2.00 = 0.90) ነው።

ሁለቱ መለኪያዎች በአንድ ነገር ይለያያሉ። ለአንድ ጨዋታ ብራየር ከ2 አያልፍም፤ ሎግ ሎስ ግን ወሰን የለውም። አቻን 0.01 ብሎ የገመተ ሞዴል አቻ ቢወጣ 4.6 ይቀጣል። ስለዚህ ብራየሩ ደኅና ሆኖ ሎግ ሎሱ ከፍ ካለ፣ ከመጠን ያለፈ እርግጠኝነት የታየባቸውን ጥቂት ጨዋታዎች ለይቶ መመርመር ይገባል።

ፈተናው ሞዴሉ ባልሠለጠነባቸው፣ በጊዜ ቅደም ተከተል በኋላ በመጡ ጨዋታዎች መካሄድ አለበት፤ ዓመታትን ቀላቅሎ በዘፈቀደ መክፈል የ2013ቱን ዓይነት ለውጥ ይሰውራል። የናሙናው ብዛትም ይመዘናል። በ100 ጨዋታ 0.60 ተተንብዮ 45 መገኘቱ ሦስት መደበኛ ስሕተት ያህል ስለሚርቅ አጋጣሚ ነው ለማለት ያዳግታል፤ በ20 ጨዋታ 9 መገኘቱ ግን በአጋጣሚም ይሆናል። ሊጉ በ16 ክለቦች ሲካሄድ በዓመት 240 ጨዋታ ብቻ ስላለው፣ መደቦቹን ጥቂትና ሰፊ ማድረግ ይመረጣል።

በመጨረሻም ንጽጽሩ ከአወራራጁ ጋር ይደረጋል። 2.00፣ 3.20 እና 4.00 ኦዶች ተገልብጠው ሲደመሩ 1.0625 ይሆናሉ፤ ከ1 የተረፈው የአወራራጁ ድርሻ ነው። እያንዳንዱን ለድምሩ ስናካፍል የገበያው ግምት 0.471፣ 0.294 እና 0.235 ሆኖ ይወጣል። የሞዴሉ ብራየርና ሎግ ሎስ ከዚህ ግምት ካልተሻሉ ለመወራረድ ምክንያት የለም። ቢሻሉም፣ ተወራራጁ የሚመርጠው ሞዴሉ ከገበያው ከፍ ያለ ዕድል የሰጠባቸውን ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ የሞዴሉ ስሕተት የሚከማችባቸውም እነዚሁ ናቸው። ስለሆነም ካሊብሬሽኑ በጠቅላላው ናሙና ብቻ ሳይሆን፣ ለውርርድ በሚመረጡት ጨዋታዎች ላይ ለብቻው መፈተን አለበት።