በር ጠባቂው ሲዳከም፦ ታይራሚንና ሂስታሚን በቆየ አይብ፣ በተብላላ ዓሣና በወይን ጠጅ

እ.ኤ.አ. በ1963 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከተማ የሚኖር አንድ ፋርማሲስት፣ በለንደን ሐኪም ለነበረው ለባሪ ብላክዌል ደብዳቤ ጻፈ። ብላክዌል ትራኒልሲፕሮሚን የተባለውን የድባቴ ሕመም መድኃኒት በሚወስዱ ሰዎች ላይ ስለሚደርስ ድንገተኛና ከባድ ራስ ምታት በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ማስታወሻ አውጥቶ ነበር። የፋርማሲስቱ ባለቤትም ይህንኑ መድኃኒት ትወስድ ነበር። እርሷም አይብ በበላች ቁጥር ብርቱ ራስ ምታትና የልብ ምት መፋጠን ይደርስባት እንደነበር፣ ቅቤና ወተት ግን ምንም እንዳላደረጓት ባሏ በደብዳቤው ገለጸ። መድኃኒቱና አይቡ የሚገናኙበት መንገድ ይኖር ይሆን? ሲልም ጠየቀ።

ለዘመናት በየማዕዱ የቀረበ ምግብ እንዲህ ያለ ጉዳት ያደርሳል ብሎ ማመን ለብዙ ሐኪሞች የሚከብድ ነበር። ሆኖም ተመሳሳይ ሕሙማን ሲጠየቁ አብዛኞቹ ከሕመሙ ቀደም ብለው አይብ መብላታቸው ታወቀ። በዚያው ዓመት ነገሩ በጥናት ተረጋገጠ፤ ተጠያቂውም ታይራሚን የተባለ ውሁድ ሆኖ ተገኘ። በዚህ ጽሑፍ ታይራሚንና የቅርብ ዘመዱ ሂስታሚን ከየት እንደሚመጡ፣ አብዛኞቻችን ሳንጎዳ የምንበላው ምግብም ጥቂት ሰዎችን ለምን እንደሚያሳምም እንመለከታለን።

ከፕሮቲን ወደ አሚን

የወተትም ሆነ የዓሣ ፕሮቲን የተገነባው ከአሚኖ አሲዶች ነው። ከእነዚህ አንዱ ታይሮሲን ሲባል፣ ስሙ የተወሰደው አይብ ከሚለው የግሪክኛ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1846 ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው ከአይብ ፕሮቲን ነበር። ሌላው ሂስቲዲን ነው። አይብ ለወራት እንዲቆይ ሲደረግ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን ቀስ በቀስ ይቆራርጡትና አሚኖ አሲዶቹ ነጻ ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከአሚኖ አሲዱ ላይ የካርቦክሲል ክፍሉን ነጥለው በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ያስወግዳሉ። ከታይሮሲን ታይራሚን፣ ከሂስቲዲን ደግሞ ሂስታሚን ይቀራል። ባክቴሪያዎቹ ይህን ማድረጋቸው አሲድ የበዛበትን አካባቢያቸውን ለመቋቋም ይረዳቸዋል።

የፋርማሲስቱ ባለቤት ወተትና ቅቤ ሲስማሟት አይቡ ያልተስማማት ለምን እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን። ታይራሚን እንዲከማች ነጻ አሚኖ አሲድ፣ ተስማሚ ባክቴሪያና በቂ ጊዜ በአንድነት መገኘት አለባቸው። ትኩስ ወተት ሦስቱን አሟልቶ አይገኝም። በእኛ አገር አሬራው ለብ ብሎ፣ አጓቱ ተጠልሎ የሚዘጋጀውና ሳይቆይ የሚበላው አይብም ለወራት ከተቀመጠው ፎርማጆ የሚለየው በዚሁ ነው። ስለዚህ «አይብ» የሚለው ስም ብቻ የታይራሚኑን መጠን አይነግረንም። አንድ ዓይነት ስም ባላቸው የቆዩ አይቦች መካከል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ አንዱ ምንም ያህል ላይኖረው፣ ሌላው በኪሎ ግራም ከ1000 ሚሊ ግራም በላይ ሊይዝ ይችላል።

የአንጀት በር ጠባቂ

ታይራሚን በልተን የማንታመመው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም በአንጀታችን ግድግዳና በጉበታችን ስለሚገኝ ነው። ይህ ኢንዛይም እንደ በር ጠባቂ ሆኖ ታይራሚኑ ወደ አጠቃላይ የደም ዝውውር ከመግባቱ በፊት ይሰባብረዋል። ከላይ የተጠቀሰው የድባቴ መድኃኒት የሚሠራው ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም በማገድ ነው። መድኃኒቱ የሚፈለገው በአንጎል ውስጥ ላለው ሥራው ቢሆንም፣ የአንጀቱንና የጉበቱንም በር ጠባቂ አብሮ ያስተኛዋል።

ያልተሰባበረው ታይራሚን ወደ ነርቭ ጫፎች ይገባል። በዚያም ተጠራቅሞ የነበረውን ኖርአድሬናሊን ከማከማቻው ገፍቶ ያስወጣዋል። ኖርአድሬናሊን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ የደም ግፊት በድንገት ያሻቅባል። ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ከጀርባ በኩል የሚጀምር ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የልብ ምት መዛባትና ላብ ይታይበታል። የከፋው አደጋ በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ ነው።

መጠኑን በስሌት እንመልከት። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ግምገማ፣ ጤናማ ሰው በአንድ ማዕድ እስከ 600 ሚሊ ግራም ታይራሚን ቢወስድ ጉዳት እንዳልታየ አመልክቷል። የቀድሞዎቹን ኢንዛይም አጋጅ መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ግን ይህ ወሰን 6 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አሁን በኪሎ ግራም 300 ሚሊ ግራም ታይራሚን ያለበት የቆየ አይብ አለ እንበል። ከዚህ 30 ግራም፣ ማለትም አንድ ቀጭን ቁራጭ፣ 9 ሚሊ ግራም ታይራሚን ይይዛል። ይህ ለመድኃኒቱ ተጠቃሚ ከወሰኑ በላይ ነው። ጤናማው ሰው ግን ከዚያው አይብ ወደ 600 ሚሊ ግራም ለመድረስ 2 ኪሎ ግራም መብላት ይኖርበታል። አይቡ አንድ ነው፤ የተለያየው በር ጠባቂው ነው። ኢንዛይሙን ለዘለቄታው የሚያግዱት መድኃኒቶች ከተቋረጡ በኋላም ሰውነት አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሂስታሚንና ዓሣ

የሂስታሚን ታሪክ በአንድ ነገር ይለያል፤ መጠኑ ከበዛ ጤናማውንም ሰው ያሳምማል። እንደ ቱናና ማኬሬል ያሉ ዓሣዎች በሥጋቸው ውስጥ ብዙ ነጻ ሂስቲዲን አላቸው። ዓሣው ከተጠመደ በኋላ በሙቀት ሲቆይ ሞርጋኔላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ተራብተው ሂስቲዲኑን ወደ ሂስታሚን ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ ዓሣውን መቀቀል ባክቴሪያዎቹን ቢገድልም ሂስታሚኑን አያጠፋውም። ዓሣው መጥፎ ሽታ ላይኖረውም ይችላል።

በደቡብ ምሥራቅ እስያ እንደሚዘጋጀው የዓሣ ወጥ ማጣፈጫ ያሉት የተብላሉ ምርቶችም ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። ትናንሽ ዓሣዎች በብዙ ጨው ተደርበው ለወራት ሲቀመጡ ሥጋቸው ቀልጦ ፈሳሽ ይሆናል። ጨው አብዛኞቹን ባክቴሪያዎች ይገታል። ሆኖም ዓሣው ጨው ከመነስነሱ በፊት በሙቀት ከዘገየ ሂስታሚኑ ቀድሞ ይፈጠራል፤ ጨው የሚቋቋሙ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም በማብላላቱ ወቅት ሊጨምሩበት ይችላሉ። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለዓሣ ፈሳሽ የፈቀደው ጣሪያ በኪሎ ግራም 400 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ብዙ ቢመስልም አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ማለትም 18 ግራም ገደማ፣ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በአንጻሩ በኪሎ ግራም 1000 ሚሊ ግራም ሂስታሚን ካለበት የተበላሸ ቱና 200 ግራም የበላ ሰው 200 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ለጤናማ ሰው ጉዳት ያልታየበት መጠን በአንድ ማዕድ 50 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ይህ ሰው በደቂቃዎች ወይም በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ፊቱ ሊቀላ፣ ራሱን ሊያመው፣ ቆዳው ሊያሳክከውና ልቡ ሊመታ ይችላል።

ይህ ሁኔታ ከዓሣ አለርጂ ጋር በቀላሉ ይምታታል። በአለርጂ ጊዜ ሂስታሚኑን የሚለቁት የራሳችን ሴሎች ሲሆኑ፣ እዚህ ግን ከውጭ ተዘጋጅቶ የገባ ነው። ለመለየት የሚረዳው የመጀመሪያው ጥያቄ «ከዚያው ዓሣ የበላ ሌላ ሰውስ ታመመ?» የሚል ነው። በአንድ ማዕድ የነበሩ በርካታ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙ ጥርጣሬው ወደ ዓሣው ያዘነብላል። ከተረፈው ዓሣ ናሙና ወስዶ ሂስታሚኑን መለካት ደግሞ ነገሩን ይቋጫል። አንዱን ከሌላው አለመለየት ሰውየውን ዕድሜ ልኩን ያለምክንያት ከዓሣ ሊያርቀው፣ ወይም እውነተኛ አለርጂ ያለበትን ሰው ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ወይን ጠጅ ተከስሶ

ወይን ጠጅ በሂስታሚን ዘወትር ይከሰሳል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ቀይ ወይን ጠጅ ከነጩ ይልቅ ሂስታሚን የሚበዛበት፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መብላላት በኋላ ባክቴሪያዎች ማሊክ አሲዱን ወደ ላክቲክ አሲድ ስለሚለውጡበት ነው። ነገር ግን በሊትር 5 ሚሊ ግራም ሂስታሚን ካለበት ወይን ጠጅ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ የሚሰጠው 0.75 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። የሂስታሚን ዋናው የአንጀት በር ጠባቂ ዳይአሚን ኦክሲዴዝ ሲሆን፣ አልኮልና ከእርሱ የሚፈጠረው አሴታልዴሃይድ የሂስታሚንን መወገድ እንደሚያውኩ ይታመናል። ስለዚህ ከቆየ አይብ ጋር የተጠጣ ወይን ጠጅ የሁለቱ ድምር ብቻ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ጠጪው የሂስታሚኑን መጠን ሳያውቅ የተካሄዱ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ውጤት አልሰጡም።

ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው፣ ወይም በአንጀት ሕመም የተዳከመባቸው ሰዎች በአነስተኛ ሂስታሚን ሊታመሙ ይችላሉ። ኢንዛይሙን በደም ውስጥ መለካት ብቻውን ግን አስተማማኝ ምርመራ አይደለም።

ለእኛ የሚቀርበው ጉዳይ

የቆየ አይብና ወይን ጠጅ በየቤታችን የዘወትር ምግብ ባይሆኑም፣ ነገሩ ከአገራችን የሚገናኝበት አንድ መንገድ አለ፤ እርሱም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ኢፕሮኒያዚድ የተባለ መድኃኒት ሲሞከር ሕሙማኑ ከተጠበቀው በላይ ደስተኞች ሆኑ። መድኃኒቱ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን ያግድ ነበርና ከመጀመሪያዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች አንዱ ለመሆን በቃ። የቅርብ ዘመዱ ኢሶኒያዚድ ዛሬም በአገራችን ከዋና ዋናዎቹ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ኢሶኒያዚድ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን በመጠኑ፣ ዳይአሚን ኦክሲዴዝንም ጭምር ያግዳል። በመሆኑም ይህን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቱና ወይም የቆየ አይብ በልተው ፊታቸው እንደቀላ፣ ራሳቸውን እንዳመማቸውና ልባቸው በፍጥነት እንደመታ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን ያግዳል።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ማቋረጥ የለበትም፤ የተቋረጠ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ከአይቡ እጅግ የከፋ ጠላት ነውና። ሊለወጥ የሚገባው ምግቡ ነው። የበላውን፣ የበላበትን ሰዓትና ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ጽፎ ለሐኪሙ ያቅርብ። የኖቲንግሃሙ ፋርማሲስት ያደረገውም ከዚህ የተለየ አልነበረም፤ ባለቤቱ ምን እንደበላችና ምን እንደደረሰባት አስተውሎ ጻፈ፣ ጠየቀም።