የወለድ ቀን ሲቆጠር ጳጉሜ የት ትገባለች?

አንድ ነጋዴ ግንቦት 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ከባንክ 730,000 ብር በ15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ ተበደረ፤ ዋናውንና ወለዱን ጥቅምት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. በአንድ ጊዜ ሊከፍልም ተዋዋለ እንበል። ሂሳቡን በጣቱ ይሠራል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት 5 ወር ነው፤ ወሩ 30 ቀን ስለሆነ በጠቅላላው 150 ቀን ይሆናል። የዓመቱ ወለድ 109,500 ብር ሲሆን፣ ለ365 ሲካፈል በቀን 300 ብር ይደርሳል። ስለዚህ 45,000 ብር ወለድ ይዞ ይቀርባል። ባንኩ ግን 46,800 ብር ይጠይቀዋል። ነጋዴው ተበደልኩ ማለቱ አይቀርም።

ባንኩ ግን አልተሳሳተም። ነጋዴው የዘለላት ጳጉሜን ነው። የቤት ኪራይም ሆነ ደመወዝ በወር የሚታሰብ በመሆኑ፣ ጳጉሜ ሳይከፈልባት የምታልፍ ወር ናት የሚለው ልማድ ውስጣችን ገብቷል። ለኪራይ ልማዱ ያስኬዳል። በቀን የሚታሰብ ወለድ ግን ጳጉሜን አይዘልም፤ ገንዘቡ በእነዚያም ቀናት በተበዳሪው እጅ ነበርና። ደግሞም 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 5 ሳትሆን 6 ቀን ነበረች። ዘመነ ሉቃስን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን ማየት ይበቃል፤ ከ2015 በኋላ የሚመጣው 2019 ነው።

ትክክለኛው ቆጠራ እንዲህ ነው። ከግንቦት 10 እስከ ነሐሴ 10፣ 90 ቀን፤ እስከ ነሐሴ 30 ደግሞ 20 ተጨምሮ 110 ይሆናል። የጳጉሜ 6 ሲታከል 116፣ መስከረም ሲያልቅ 146፣ በጥቅምት 10 ደግሞ 156 ቀን ይሞላል። እዚህ ላይ ብድሩ የተወሰደበት ቀን አልተቆጠረም፤ የተመለሰበት ተቆጥሯል። ሁለቱንም የሚቆጥር ሰው 157 ያገኛል፤ ያቺ አንዲት ቀን ደግሞ 300 ብር ናት።

አሁን 156 ልክ ስለመሆኑ በምን እናረጋግጥ? ጣትን ደግሞ መቁጠር ያንኑ ስህተት ሊደግም ይችላል። የሚሻለው በሌላ መንገድ መፈተሽ ነው፤ ለዚህም ከሳምንቱ ቀናት የሚቀል የለም። ግንቦት 10 ቀን 2015 ሐሙስ ነበር። 156ን ለ7 ስናካፍል 22 ሳምንት ሆኖ 2 ቀን ይተርፋል። ከሐሙስ 2 ቀን ስንራመድ ቅዳሜ ላይ እንደርሳለን። የግድግዳ ካላንደር ላይ ጥቅምት 10 ቀን 2016ን ብናይ በእርግጥም ቅዳሜ ነው። በነጋዴው 150 ብንሞክር ግን 3 ስለሚተርፍ እሑድ ላይ ይጥለናል፤ 157ም እንዲሁ እሑድ ይሰጣል። ጳጉሜ 5 ወይም 6 ቀን እንጂ 7 ስለማትሆን፣ ተረስታ ከቀረች ይህ ፈተና ሁልጊዜ ያጋልጣታል። የማያጋልጠው ልክ የ7 ቀን ወይም የ14 ቀን ስህተት ሲኖር ብቻ ነው።

በፈረንጅ ቀን መቁጠር የሚመርጥም ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ግንቦት 10 ሜይ 18 ቀን 2023 ነው። ጥቅምት 10 በአብዛኛው ዓመት ኦክቶበር 20 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ግን አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ስለሚገባ፣ እስከሚቀጥለው ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ቀኑ በአንድ ይገፋል። ስለዚህ ቀኑ ኦክቶበር 21 ነበር። በልማዳዊው 20 የሠራ ሰው 155 ቀን ያገኛል። እዚህም የሳምንቱ ቀን ይረዳል፤ ኦክቶበር 20 ዓርብ እንጂ ቅዳሜ አልነበረም። ኮምፒውተር የያዘም ቢሆን ይጠንቀቅ፤ ኤክሴል ላይ `DAYS360` የሚለው ትእዛዝ ወሩን ሁሉ 30 ቀን ስለሚያደርግ ለእነዚሁ ቀናት 153 ይሰጣል። የኋለኛውን ቀን ከፊተኛው መቀነስ ብቻ ግን 156 ያወጣል።

የሳምንቱ ቀን የማይፈታው አንድ ነገር የዓመቱ አካፋይ ነው። የቀኑ ቁጥር 156 እንደሆነ ሁለቱም ወገን ቢስማሙ እንኳ፣ አንዱ ለ365 ሌላው ለ360 ሊያካፍል ይችላል። በ360 ከተካፈለ የዚሁ ብድር ወለድ 47,450 ብር ይሆናል፤ 650 ብር ይጨምራል ማለት ነው። ይህ የቆጠራ ስህተት ሳይሆን የውል ጉዳይ በመሆኑ፣ ብድር የሚፈርም ሰው አካፋዩ በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ ከፊርማው በፊት ፈልጎ ያግኝ፤ ካልተጻፈም ይጻፍልኝ ይበል። የመክፈያውንም ጊዜ “በ5 ወር” ብሎ ከመተው “ቅዳሜ ጥቅምት 10 ቀን 2016 ዓ.ም.” ተብሎ የሳምንቱ ቀን ጭምር ቢሰፍር፣ ሒሳብ ሠራተኛውም ሆነ ተበዳሪው የየራሳቸውን ቆጠራ የሚፈትሹበት ነገር ያገኛሉ።